ሚዛንን በዕጣ፦ የትሪፕ ዛፍ አሠራር ዳሰሳ

ሁለትዮሽ የፍለጋ ዛፍ ሕጉ አጭር ነው። ከእያንዳንዱ ኖድ በስተግራ የሚቀመጡት ቁልፎች ከእሱ ያንሳሉ፣ በስተቀኝ የሚቀመጡት ይበልጣሉ። ፈላጊው ከሥሩ ተነሥቶ በየኖዱ አንድ ንጽጽር እያደረገ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይወርዳል። ዛፉ ሚዛኑን ከጠበቀ አንድ ሚሊዮን ቁልፍ ውስጥ ሃያ ያህል ንጽጽር ይበቃል። ችግሩ ሕጉ ስለ ሚዛን አንዳች ነገር አለመናገሩ ነው። ቁልፎቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ተደርድረው ከመጡ እያንዳንዱ አዲስ ቁልፍ ከቀድሞው በስተቀኝ ይንጠለጠላል፤ ዛፍ የተባለው ነገር ቀጥ ያለ ሰንሰለት ይሆንና ፍለጋው በአማካይ ግማሽ ሚሊዮን ኖድ ይነካል። ተደርድሮ የሚመጣ መረጃ ደግሞ ብርቅ አይደለም። የሰዓት ማኅተም፣ ተከታታይ የምዝገባ ቁጥር፣ ከሌላ ፋይል በፊደል ተራ የተቀዳ የስም ዝርዝር፣ ሁሉም እንዲህ ናቸው።

ለዚህ ችግር የተሰጡት መልሶች በሁለት ጎራ ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ጎራ ሚዛንን በቁጥጥር ያስከብራል። አዴልሰን-ቬልስኪ እና ላንዲስ በ1962 ያቀረቡት ኤቪኤል ዛፍ በየኖዱ የግራና የቀኝ ቁመት ልዩነት ከአንድ እንዳይበልጥ ይከታተላል። ጊባስ እና ሴጅዊክ በ1978 በዚህ ስም ያደራጁት ቀይ-ጥቁር ዛፍ ደግሞ ኖዶችን በሁለት ቀለም ከፍሎ የቀለም ሕግ ሲጣስ ያርማል። ሁለተኛው ጎራ ሚዛንን ለዕድል ይተዋል፤ ዕድሉን ግን ራሱ ይፈጥረዋል። የዚህ ዳሰሳ ጉዳይ የሁለተኛው ጎራ ዋና ተጠሪ፣ ሴሲሊያ አራጎን እና ራይመንድ ሳይድል በ1989 ያቀረቡት ትሪፕ ነው። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ ምንም ዓይነት የቁመትና የቀለም ቁጥጥር የሌለው ዛፍ ሚዛኑን እንዴት ሊጠብቅ ቻለ? ይህ ተስፋስ የሚጸናው ምን ሲሟላ ነው?

ቁልፎችን ማደባለቅ ለምን አይበቃም

ስለ ተራ የፍለጋ ዛፍ አንድ መልካም ዜና ከጥንት ይታወቃል። ቁልፎቹ በዘፈቀደ ተደባልቀው ከገቡ የአንድ ኖድ አማካይ ጥልቀት ከቁልፎቹ ብዛት ሎጋሪዝም ጋር ብቻ ያድጋል፤ ፍጹም ሚዛናዊ ከሆነው ዛፍ የሚረዝመው በ39 በመቶ ገደማ ነው። ታዲያ ቁልፎቹን አደባልቆ ማስገባት ለምን አይበቃም?

ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው፣ ቁልፎቹ አንድ ጊዜ ሁሉም በእጅ ካልተገኙ ማደባለቅ አይቻልም። ዛሬ የመጣውን ቁልፍ ነገ ከሚመጣው ጋር ለማደባለቅ መጠበቅ አይሆንልንም። ሁለተኛው ይበልጥ የተሰወረ ነው፤ ማጥፋት ዕድሉን ያበላሻል። በተለመደው የሂባርድ ዘዴ ሁለት ልጆች ያሉት ኖድ ሲጠፋ ቦታው ዘወትር በቀጣዩ ትልቅ ቁልፍ ይተካል። ይህ ተተኪን ሁልጊዜ ከአንድ ወገን የመውሰድ ልማድ ዛፉን ቀስ በቀስ ያጋድለዋል። ኤፒንገር በ1983 ባሳተመው ሙከራ ማስገባትና ማጥፋት እየተፈራረቁ በረጅሙ ሲቀጥሉ ዛፉ ከዘፈቀደ ዛፍ የከፋ እንደሚሆን አሳይቷል። ስለዚህ ጥሩ መነሻ ብቻውን አይበቃም። የሚያስፈልገው በእያንዳንዱ ማስገባትና ማጥፋት ማግስት ዛፉ ገና ተደባልቆ እንደተሠራ የሚሆንበት ዘዴ ነው።

ሁለት ሥርዓት፣ አንድ ቅርጽ

ትሪፕ ለእያንዳንዱ ኖድ ከቁልፉ ሌላ ሁለተኛ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቅድሚያ እንበለው። ቁልፉ ከተጠቃሚው ይመጣል፣ ቅድሚያው ኖዱ ሲፈጠር በዕጣ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ አይለወጥም። ዛፉ በአንድ ጊዜ ሁለት ሕግ ያከብራል። በቁልፍ በኩል ተራ የፍለጋ ዛፍ ነው። በቅድሚያ በኩል ሂፕ ነው፤ ማለትም የትኛውም ልጅ ከወላጁ የሚበልጥ ቅድሚያ የለውም። እንዲህ ያለውን ድርብ ሥርዓት የያዘውን ዛፍ ዣን ቪዩማን በ1980 የካርቴዢያን ዛፍ በሚል ስም አጥንቶታል። የአራጎን እና የሳይድል አዲስ ነገር ቅድሚያውን ከመረጃው ሳይሆን ከዕጣ ማውጣታቸውና ሚዛኑን ከዚያ መጠበቃቸው ነው።

ሁለቱ ሕጎች አንድ ላይ ሲሆኑ ለቅርጹ ምርጫ አይተዉም። ቅድሚያዎቹ የተለያዩ እስከሆኑ ድረስ ትልቁን ቅድሚያ የያዘው የግድ ሥር ነው። ከእሱ የሚያንሱት ቁልፎች የግድ ወደ ግራ፣ የሚበልጡት ወደ ቀኝ ይሄዳሉ፤ በየጎኑም ያው ደንብ ይደገማል። ስለዚህ የዛፉ ቅርጽ የሚወሰነው በዛፉ ውስጥ ባሉት ቁልፎችና ቅድሚያዎች ብቻ ነው። ማን ቀድሞ እንደገባ፣ በመካከል ማን ገብቶ እንደወጣ በቅርጹ ላይ ምንም ምልክት አይተውም። በእቁብ ተራው በዕጣ ሲወጣ ቀድሞ የተመዘገበው ምንም ብልጫ እንደሌለው ሁሉ፣ በትሪፕም ቀድሞ መምጣት ወደ ሥሩ አያቀርብም።

ይህን በሰባት ቁልፎች እንየው። ቁልፎቹ 10፣ 20፣ 30፣ 40፣ 50፣ 60 እና 70 ሆነው በዚሁ የከፋ ተራ ይግቡ። የወጣላቸው ቅድሚያ በቅደም ተከተል 42፣ 17፣ 88፣ 63፣ 9፣ 71 እና 35 ይሁን።

አዲስ ቁልፍ መጀመሪያ እንደ ተራ የፍለጋ ዛፍ ወርዶ ቅጠል ሆኖ ይሰቀላል። ከዚያ ቅድሚያው ከወላጁ ከበለጠ በሽክርክሪት ከወላጁ በላይ ይወጣል። ሽክርክሪት የሁለት ኖዶችን የወላጅና የልጅ ቦታ የሚያለዋውጥ፣ የቁልፎቹን ተራ ግን የማይነካ የጥቂት ጠቋሚዎች ለውጥ ነው። 10 ሥር ይሆናል። 20 በስተቀኙ ይሰቀላል፤ ቅድሚያው 17 ከ42 ስለሚያንስ እዚያው ይቀራል። 30 ከ20 በስተቀኝ ይሰቀላል፤ 88 ከ17 ስለሚበልጥ አንድ ጊዜ ይሽከረከራል፣ ከ42 ስለሚበልጥ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ይሽከረከርና ሥር ይሆናል። ከሥሩ በስተግራ 10 ይሆናል፣ ከ10 በስተቀኝ 20። ከዚያ 40 እና 50 ያለ ሽክርክሪት በስተቀኝ ይከተላሉ። 60 ከ50 ሥር ይሰቀልና ቅድሚያው 71 ስለሆነ 50ን እና 40ን አልፎ ይወጣል፣ 88 ካለው 30 ሥር ሲደርስ ይቆማል። 70 በቦታው ይቀራል።

የመጨረሻው ዛፍ ሥሩ 30 ነው። በግራው 10 አለ፣ ከ10 በስተቀኝ 20። በቀኙ 60 አለ፤ የ60 ቀኝ 70፣ ግራው 40፣ የ40 ቀኝ ደግሞ 50 ነው። አራት ደረጃ ብቻ ሆነ። ተራ ዛፍ ቢሆን ሰባት ደረጃ ይሆን ነበር፤ ፍጹም ሚዛናዊ ዛፍ ሦስት ይበቃዋል። የተደረጉት ሽክርክሪቶች በጠቅላላው አራት ናቸው። አንባቢ በወረቀት ላይ ከ70 ወደ 10 በተቃራኒ ተራ ቢያስገባቸው አምስት ሽክርክሪት ያደርግና በትክክል እዚያው ዛፍ ላይ ይደርሳል። ይህን አንድ ጊዜ በእጅ መሥራት የትሪፕን ባሕርይ ከብዙ ማብራሪያ በላይ ያስጨብጣል።

የሚጠበቀው ጥልቀት ከየት ይመጣል

የአንድ ኖድ ጥልቀት ማለት ከእሱ በላይ ያሉት ቅድመ አያቶቹ ብዛት ነው፤ ራሱንም ብንቆጥር ከሥሩ እስከ እሱ ያሉት ኖዶች ቁጥር ይሆናል። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አንድ ቁልፍ የሌላው ቅድመ አያት የሚሆነው መቼ ነው?

30ን እና 70ን እንውሰድ። በሁለቱ መካከል፣ ራሳቸውን ጨምሮ፣ አምስት ቁልፎች አሉ፦ 30፣ 40፣ 50፣ 60 እና 70። ከእነዚህ አምስቱ ትልቁን ቅድሚያ ያገኘው መጀመሪያ ወደ ላይ ይወጣል። ያ 30 ከሆነ 70 ከሥሩ ይቀራል። 70 ራሱ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። 40፣ 50 ወይም 60 ከሆነ ደግሞ እሱ መካከላቸው ገብቶ 30ን ወደ ግራ፣ 70ን ወደ ቀኝ ይለያቸዋል፤ ከዚያ በኋላ አይገናኙም። ዕጣው ለሁሉም እኩል ስለሆነ 30 የ70 ቅድመ አያት የመሆን ዕድሉ ከአምስት አንድ ነው። በጠቅላላው በተራቸው በ`d` ከሚራራቁ ሁለት ቁልፎች አስቀድሞ የተመረጠው አንዱ ለሌላው ቅድመ አያት የመሆን ዕድሉ `1/(d+1)` ነው።

የቀረው መደመር ነው። በመካከል ላለው 40 በስተግራ ሦስት፣ በስተቀኝ ሦስት ጎረቤቶች አሉት። በእያንዳንዱ ወገን ግማሽ፣ ሲሶና ሩብ ይደመራሉ፤ ራሱን ስንጨምር የሚጠበቀው ቁጥር 3.17 ገደማ ይሆናል። ዳር ላለው 10 ደግሞ ከግማሽ እስከ አንድ ሰባተኛ ያለው ድምር ከራሱ ጋር 2.59 ገደማ ነው። ዳር ያሉ ቁልፎች በአማካይ ከመካከለኞቹ ወደ ሥሩ ይቀርባሉ። ለማንኛውም ብዛት `n`፣ በተራ `k`ኛ ለሆነ ቁልፍ ቀመሩ `H(k) + H(n-k+1) - 1` ነው፤ `H(k)` ከ1 እስከ `1/k` ያሉት ክፍልፋዮች ድምር ነው። ይህ ድምር የሚያድገው እንደ ሎጋሪዝም ነው፤ የትሪፕ ሚዛን ምሥጢርም ይኸው ነው። ሩቅ ያሉ ቁልፎች ቅድመ አያት የመሆን ዕድላቸው ስለሚመነምን ሺህ ጎረቤት ቢጨመር እንኳ ጥልቀቱ የሚጨምረው በጥቂቱ ነው።

ለአንድ ሚሊዮን ቁልፍ አማካዩ 26 ኖድ ያህል ይሆናል። በዚህ ስሌት ውስጥ ቁልፎቹ ምን እንደሆኑና በምን ተራ እንደገቡ አንድም ቦታ አልገባም። አማካዩ የተወሰደው በእኛ ዕጣ ላይ ነው እንጂ በተጠቃሚው መረጃ ላይ አይደለም። ስለዚህ ተጠቃሚው የፈለገውን ያህል መጥፎ ተራ ቢያመጣ፣ ዕጣውን እስካላየ ድረስ፣ ተስፋው አይነካም።

አማካይ ግን ዋስትና አይደለም፤ ክፉ ዕጣ ሊወጣ ይችላል። በሰባት ቁልፍ ዛፉ ፍጹም ሰንሰለት የመሆን ዕድሉ ከ5,040 ቅደም ተከተሎች 64ቱ፣ ማለትም 1.3 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ዕድል የሚቀንስበት ፍጥነት ግን አስገራሚ ነው። በሃያ ቁልፍ ዕድሉ ከአራት ትሪሊዮን ከሚበልጡ ዕጣዎች አንዱ ነው። ከሰንሰለት ባነሰ ደረጃም ቢሆን ልዩነቱን ማወቅ ያስፈልጋል። የአንዱ ኖድ አማካይ ጥልቀት ሌላ፣ የዛፉ ከሁሉ የረዘመ ቅርንጫፍ ሌላ ነው። ዴቭሮይ በ1986 እንዳረጋገጠው በዘፈቀደ ዛፍ የረጅሙ ቅርንጫፍ ቁመት ወደ 4.311 እጥፍ የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ይጠጋል፤ ለአንድ ሚሊዮን ቁልፍ ከ60 በታች ነው ማለት ነው። ኤቪኤል በዚያው ብዛት ከ30 አይዘልም፤ ቀይ-ጥቁር ዛፍም ከ40 አያልፍም። እያንዳንዱ ፍለጋ ከተወሰነ ጊዜ ማለፍ በማይገባው ሥራ ላይ እነዚህ ሁለቱ የሚመረጡት ስለዚህ ነው።

ማጥፋት፣ መክፈል፣ መቀላቀል

ማጥፋት የማስገባት ግልባጭ ነው። የሚጠፋው ኖድ ከሁለቱ ልጆቹ ትልቅ ቅድሚያ ካለው ጋር እየተሽከረከረ ይወርዳል፤ ቅጠል ሲሆን ይቆረጣል። ከላይ ካለው ዛፍ ሥሩን 30ን እናጥፋ። ከልጆቹ 10 እና 60 ትልቅ ቅድሚያ ያለው 60 ነው፤ እሱ ወደ ሥሩ ይወጣል። ቀጥሎ ከ10 እና ከ40 ተወዳዳሪዎች 40 ይወጣል፣ ከዚያ 10፣ በመጨረሻ 20። 30 አሁን ቅጠል ሆኗልና ይቆረጣል። የቀረው ዛፍ 30 ከመጀመሪያው ባይገባ ኖሮ ይሆን የነበረው ዛፍ ራሱ ነው። የሂባርድ ዘዴ ያጣው ይህን ነው፤ ትሪፕ ግን ከሺህ ማጥፋት በኋላም የዘፈቀደነቱን ስርጭት አይለቅም።

እዚህ አራት ሽክርክሪት ያስፈለገው የጠፋው ሥሩ ስለሆነና ዕጣውም እንዲያ ስለወጣ ነው። በአማካይ ግን አንድ ማስገባት ወይም ማጥፋት የሚጠይቀው ሽክርክሪት ከሁለት በታች ነው፤ ዛፉ አሥር ቁልፍ ኖረው አሥር ሚሊዮን ይህ አይለወጥም። ወርዶ ቦታውን ማግኘቱ ሎጋሪዝም ያህል ጊዜ ይወስዳል፣ መዋቅሩን መጠገኑ ግን ቋሚ ነው ማለት ይቻላል።

ትሪፕ ከቁጥጥር ዛፎች በግልጽ የሚልቀው በመክፈልና በመቀላቀል ነው። ቀይ-ጥቁር ዛፍን በአንድ ቁልፍ ላይ ለሁለት ከፍሎ ሁለቱንም ሕጋዊ ማድረግ የሚቻል ቢሆንም ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ነው። በትሪፕ ግን ሁለቱም ተግባራት እነዚህ ጥቂት መስመሮች ናቸው፦

```python
def split(t, k):
    if t is None:
        return None, None
    if t.key < k:
        a, b = split(t.right, k)
        t.right = a
        return t, b
    a, b = split(t.left, k)
    t.left = b
    return a, t

def merge(a, b):
    if a is None: return b
    if b is None: return a
    if a.pri > b.pri:
        a.right = merge(a.right, b)
        return a
    b.left = merge(a, b.left)
    return b
```

`merge` የሚሠራው የ`a` ቁልፎች ሁሉ ከ`b` ቁልፎች ሲያንሱ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ሰባት ቁልፍ ዛፍ በ45 ላይ ብንከፍለው ተግባሩ 30ን፣ 60ን፣ 40ን እና 50ን ብቻ ይነካል። በአንድ ወገን ሥሩ 30 የሆነ ባለ አራት ቁልፍ ዛፍ፣ በሌላው ሥሩ 60 የሆነ ባለ ሦስት ቁልፍ ዛፍ ይቀራል። 10፣ 20 እና 70 ከነቦታቸው ናቸው። ሁለቱም ክፋዮች ሕጋዊ ትሪፕ ናቸው፤ ቅድሚያዎቹ አልተለወጡምና ዘፈቀደነቱም አልተጎዳም።

በእነዚህ ሁለት ተግባራት ማስገባትና ማጥፋት ራሳቸው ያለ ሽክርክሪት ይጻፋሉ። በየኖዱ የንዑስ ዛፉን ብዛት ብንጨምር ደግሞ ቁልፍ የሌለው ተራ ዝርዝር፣ ለምሳሌ ረጅም ጽሑፍ፣ በቦታ ቁጥር እየተቆረጠና እየተሰፋ ሊያዝ ይችላል። የፕሮግራሚንግ ውድድር ተወዳዳሪዎች ትሪፕን የሚወዱት ለዚህ ነው። ብሌሎክ እና ሪድ-ሚለር በ1998 ደግሞ በዚሁ መክፈልና መቀላቀል ላይ ተመሥርተው የሁለት ስብስቦችን ኅብረት፣ መጋራትና ልዩነት በብዙ ፕሮሰሰር በትይዩ የሚሠሩበትን ዘዴ አሳይተዋል።

ተስፋው የሚፈርስባቸው መንገዶች

የትሪፕ ትልቁ አደጋ ሲበላሽ ዝም ማለቱ ነው። ቅድሚያ መስጠትን የዘነጋ ፕሮግራመር ሁሉም ኖድ ዜሮ ቅድሚያ እንዲይዝ ያደርጋል። የትኛውም ልጅ ከወላጁ ስለማይበልጥ የሂፕ ሕግ አልተጣሰም፤ የቁልፍ ሕግም አልተጣሰም፤ ፍለጋው ትክክለኛ መልስ ይሰጣል፤ ፈተናዎቹ ሁሉ ያልፋሉ። ዛፉ ግን ዕጣ የሌለበት ተራ ዛፍ ሆኗል፣ ተደርድሮ በመጣ መረጃም ሰንሰለት ይሆናል። ስለዚህ የሁለቱን ሕጎች መከበር የሚፈትሽ ምርመራ ትሪፕ ጤነኛ መሆኑን አያሳይም። የሚያሳየው የጥልቀት ልኬት ነው። ተደርድሮ የገባ አንድ ሚሊዮን ቁልፍ ላይ አማካይ ጥልቀቱ 26 አካባቢ ከሆነ ደህና ነው፤ መቶዎች ውስጥ ከገባ ዕጣው ታሟል።

ዕጣው የሚታመምበት አንዱ ምክንያት የቁጥሩ ጥበት ነው። በማይክሮሶፍት የሲ ቋንቋ ላይብረሪ `rand()` የሚሰጠው ትልቁ ቁጥር 32,767 ነው። አንድ ሚሊዮን ቁልፍ ከ32,768 ቁጥሮች ዕጣ ሲያወጣ እያንዳንዱ ቁጥር በአማካይ ለ30 ቁልፍ ይደርሳል። ተደርድረው ሲገቡ ትልቁን ቅድሚያ የተጋሩት 30ዎቹ አንዱ ሌላውን መውጣት ስለማይችል በዛፉ አናት ላይ ሰንሰለት ይሠራሉ። ከዚያ በታች ያለው እያንዳንዱ ክፍተት ግን ጠባብ ስለሆነ እኩልነት ይሳሳል። ስለዚህ ጉዳቱ 30 ያህል ተጨማሪ እርምጃ ነው፣ የሚያሳምም ግን የማይገድል። በአንድ መቶ ሚሊዮን ቁልፍ ግን የአናቱ ሰንሰለት 3,000 ይደርሳል። በ32 ቢት ዕጣ ቢወጣ ለአንድ ሚሊዮን ቁልፍ መቶ ያህል ጥንድ ብቻ ይጋጫል፤ ያም ተበታትኖ ስለሚወድቅ ጉዳት የለውም። ባለ 64 ቢት ቅድሚያ ጭንቀቱን ጨርሶ ያነሣል፤ ዋጋው በኖድ ስምንት ባይት፣ ለአንድ ሚሊዮን ቁልፍ ስምንት ሜጋባይት ነው። ቀይ-ጥቁር ዛፍ ለዚያው ጉዳይ አንድ ቢት ብቻ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ሲድ የሚባለው የዕጣ መነሻ ቁጥር ነው። እኩል ብዛት ያላቸው አንድ ሺህ ትናንሽ ትሪፖች እያንዳንዳቸው በተመሳሳይ ሲድ ቢሠሩና በኋላ በቁልፎቻቸው ተራ ተከታትለው ቢቀላቀሉ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት የቅድሚያ ተከታታይ ይዘዋል፤ ሥሮቻቸውም እኩል ቅድሚያ አላቸው። ከላይ ያለው `merge` ሲቀላቅላቸው አንድ ሺህዎቹ ሥሮች በአንድ ሰንሰለት ይሰለፋሉ። እያንዳንዱ ትሪፕ ለብቻው ሲለካ ጤነኛ ስለነበር ይህን ስሕተት ማግኘት አድካሚ ነው። መድኃኒቱ ለመላው ፕሮግራም አንድ የዕጣ ምንጭ መጠቀም ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ዕጣውን የሚያውቅ ባላጋራ ነው። የሒሳቡ ተስፋ የሚጸናው ቁልፎቹን የሚመርጠው ሰው ቅድሚያዎቹን ሳያይ ከመረጠ ብቻ ነው። አንድ ሚሊዮን ቁልፍ ካስገባ በኋላ ቅድሚያዎቹን ያወቀ ሰው እንዲህ ማድረግ ይችላል፦ ቁልፍ እያደገ ሲሄድ ቅድሚያ እየቀነሰ የሚሄድባቸውን ቁልፎች ይመርጣል፣ የቀሩትን ሁሉ ያጠፋል። በዘፈቀደ ቅደም ተከተል ውስጥ የዚህ ዓይነቱ ረጅሙ ተከታታይ ርዝመት የብዛቱ ካሬ ሥር ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ 2,000 ያህል ቁልፍ ይቀራል፤ ሁሉም በአንድ ቀጥ ያለ ሰንሰለት። ሚዛናዊ ዛፍ ለዚያ ብዛት 11 ደረጃ ይበቃው ነበር። ቅድሚያን ዕጣ ከማውጣት ይልቅ በይፋ ከሚታወቅ የሃሽ ቀመር ከቁልፉ የሚያሰሉ አሠራሮች በዚህ በኩል ክፍት ናቸው። ባላጋራው ቀመሩን በቤቱ ያሰላና ሲገቡ ሰንሰለት የሚሠሩ ቁልፎችን መርጦ ይልካል። ሃሽ መጠቀም ካስፈለገ ምሥጢራዊ ቁልፍ ያለው መሆን አለበት።

በዚሁ መንገድ የሄዱ ሌሎች

ትሪፕ ብቻውን አልነበረም። ዊልያም ፒዩ በዚያው ዘመን ያቀረበው ስኪፕ ሊስት ዛፍን ትቶ የተያያዙ ዝርዝሮችን በሳንቲም ውርወራ ደረጃ በደረጃ ይደራርባል፤ ተስፋው ግን ያው ሎጋሪዝም ነው። ማርቲኔዝ እና ሩራ በ1998 ያሳተሙት ሥራ ደግሞ ቅድሚያን ጨርሶ ሳያስቀምጡ ያንኑ ስርጭት ማግኘት እንደሚቻል አሳየ። በእነሱ ዘዴ እያንዳንዱ ኖድ የንዑስ ዛፉን ብዛት ይይዛል፤ አዲስ ቁልፍ `n` ኖድ ያለው ንዑስ ዛፍ ላይ ሲደርስ ከ`n+1` አንድ ዕድል አግኝቶ የዚያ ንዑስ ዛፍ ሥር ይሆናል። ብዛቱ ለተራ ቁጥር ፍለጋም ስለሚያገለግል የማስታወሻው ቦታ በከንቱ አይባክንም። በምትኩ አንድ ቁልፍ ሲገባ በየደረጃው አዲስ ዕጣ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ትሪፕ ግን ለአንድ ቁልፍ አንድ ጊዜ ብቻ ያወጣል።

የቅርብ ጊዜው ዘር ዚፕ ዛፍ ነው። ታርጃን፣ ሌቪ እና ቲመል ቅድሚያን እንደ ሳንቲም ውርወራ በሚወጣ ትንሽ ቁጥር ተኩት፤ እኩልነት ሲኖር ትንሹ ቁልፍ ከላይ እንዲሆን ደነገጉ፤ ማስገባትንም በሽክርክሪት ፈንታ በመክፈል ሠሩት። ቢቱ እጅግ ይቀንሳል፣ በእኩልነቱ ምክንያት ግን አማካይ ጥልቀቱ ከትሪፕ በጥቂቱ ይረዝማል። ጊላ፣ ጉድሪች እና ታርጃን በ2023 ለእኩልነት ሁለተኛ ዕጣ በመጨመር የትሪፕን ጥልቀት በጥቂት ቢት መለሱት። ይህ የሠላሳ ዓመት ጉዞ አንድ ነገር ያረጋግጣል፦ ክርክሩ የቆየው ዕጣው ስንት ቢት ይፍጅ፣ የት ይቀመጥ በሚለው ላይ ነው እንጂ ዕጣው ሚዛን ይሰጣል ወይ በሚለው ላይ አይደለም።

መቼ ይመረጥ

በተግባር አንድ ጥሩ ምሳሌ የጎ ቋንቋ ራንታይም ነው። በ`runtime/sema.go` ውስጥ መቆለፊያ የሚጠብቁ ጎሩቲኖች በሚጠብቁት የማስታወሻ አድራሻ ቁልፍነት በትሪፕ ይያዛሉ፤ ቅድሚያቸው `ticket` ይባላል። ዜሮ ቁጥር ለሌላ ትርጉም ስለተያዘ የዕጣው ዝቅተኛ ቢት ሁልጊዜ 1 ይደረጋል፤ አንድ ቢት ማጣት ሚዛኑን በሚታይ መጠን አይጎዳም። እዚህ ትሪፕ የተስማማበት ምክንያት ግልጽ ነው። ኮዱ አጭር ነው፣ አድራሻዎቹ በምን ተራ እንደሚመጡ አይታወቅም፣ ማስገባትና ማጥፋት ይደጋገማል፣ ቅድሚያዎቹንም ከውጭ የሚያይ የለም።

እነዚህ ሁኔታዎች በአንድነት ሲገኙ ትሪፕ ከቀይ-ጥቁር ዛፍ የተሻለ ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ። መክፈልና መቀላቀል ከተጨመሩ ደግሞ ተወዳዳሪው ጥቂት ነው። ማንበብ ብቻ የሚበዛበት ሥራ ከሆነ፣ ወይም የአንድ ፍለጋ መዘግየት አደጋ የሚያስከትል ከሆነ፣ በቁጥጥር የሚሠሩት ዛፎች ያሸንፋሉ። ትሪፕን የመረጠ ሰው ግን ሦስት ነገር ይጠበቅበታል፦ ዕጣውን ከሰፊ ቁጥር ማውጣት፣ ዕጣውን ከቁልፍ መራጩ መሰወር፣ ከሕጎቹ ምርመራ ሌላ አማካይ ጥልቀቱን መለካት። ሚዛኑን የሚሸከመው ኮድ በዛፉ ውስጥ የለም፤ ሙሉ በሙሉ በዕጣው ጥራት ላይ ያርፋል። ስለዚህ ሌላው ዛፍ ውስጥ የሽክርክሪት ደንቦችን እንደምንፈትሽ፣ በትሪፕ ውስጥ የምንፈትሸው ዕጣውን ነው።